«መቼ ይመቻችኋል?» ብለሽ አትጠይቂ

«ጤና ይስጥልኝ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። እናታችን ብቻዋን መኖር ስለከበዳት ከማን ጋር ትሁን የሚለውን ቁጭ ብለን መወሰን አለብን። የቤተሰብ ግሩፓችን ውስጥ 14 ሰው አለ፤ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ባለቤቶቻቸው፣ ልጆቻቸው። አንዱ ወንድሜ ውጭ ስለሚኖር የሚገባው በቪዲዮ ነው። ‹መቼ ይመቻችኋል?› ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ወሬ ሆነ፤ ቀን ግን አልተቆረጠም። ከዚያ የወንድሜ ልጅ ፖል ሠራ። ቅዳሜ ከሰዓት 4 ድምፅ አገኘ፣ እሁድ ጠዋት 3፣ እሁድ ከሰዓት 3፣ ዓርብ ማታ 2። በቃ ቅዳሜ ይሁን ስል ታላቅ ወንድሜ ‹ቅዳሜ እኮ ሥራ ነኝ› አለ። አሁን ሁሉም ዝም ብሏል። ደግሜ ብጠይቅ ነዝናዛ ልባል ነው። ብተወው ደግሞ እናቴ ናት የምትጎዳው። ምን ላድርግ?
የቤቱ ታናሽ»

እህቴ፣ ዝም ያሉሽ ጉዳዩ ስላላሳሰባቸው አይመስለኝም። ጥያቄው ለመመለስ ከባድ ስለሆነ ነው። «መቼ ይመቻችኋል?» ሲባል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሳምንት በሙሉ ማሰብ አለበት። ከዚያ የሌላውን መገመት አለበት። ከዚያ ደግሞ ታላቅ ሳይናገር መናገር አለበት። ይህን ሁሉ ከሚያደርግ «ለእናንተ የተመቸው ለእኔም ይመቸኛል» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ጨዋ መልስ ነው፤ ግን መልስ አይደለም። ቀኑ ሲቆረጥ «ውይ፣ ያን ቀን እኮ…» የሚለውም ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው።

ፖሉ ላይ የሆነውንም ልብ በይ። ለአንድ ሰው አንድ ምርጫ ብቻ ነበር የተፈቀደው፣ አይደል? ስለዚህ 12 ሰዎች የነገሩሽ በጣም የሚወዱትን ሰዓት ነው። መምጣት የሚችሉበትን ሰዓት ግን ማንም አልተጠየቀም። እሁድ ጠዋትን ከመረጡት 3 ሰዎች ውስጥ ስንቱ እሁድ ከሰዓትም እንደሚችል አታውቂም። ቅዳሜን ካልመረጡት 8 ሰዎች ውስጥ ስንቱ ቅዳሜ ጭራሽ እንደማይችልም አታውቂም። በ4 ድምፅ ያሸነፈው ቅዳሜ ከ14 ሰው 10ሩ ያልመረጠው ቀን ነው። ወንድምሽ «ሥራ ነኝ» ባይል ኖሮ እንኳ ማን እንደሚመጣ ሳታውቂ ነበር የምትጠብቂው።

አሁን እንደ አዲስ ጀምሪው። ግሩፑን ግን ለጥቂት ቀን ተይው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስልክ ነው።

ለብቻሽ ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር ወስኚ፤ ያለ ማን ይህ ስብሰባ ስብሰባ አይሆንም? በእናንተ ጉዳይ እንደሚመስለኝ እናታችሁ፣ ታላቅ ወንድምሽ፣ እህትሽ፣ ውጭ ያለው ወንድምሽና አንቺ ናችሁ። ባለቤቶችና ልጆች ቢኖሩ ደስ ይላል፤ ሐሳባቸውም ይጠቅማል። ግን አንድ የወንድምሽ ልጅ ስለቀረ ውሳኔው አይፈርስም። እህትሽ ከቀረች ግን ይፈርሳል፤ እናታችሁን ወደ ቤቷ የምትወስደው እሷ ልትሆን ትችላለችና። ይህን ዝርዝር ግሩፑ ላይ አትለጥፊው። «እኔ ትርፍ ነኝ ማለት ነው?» የሚል ቅሬታ መጥራት አያስፈልግም። ለራስሽ መሥሪያ ብቻ ይሁን።

ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ደውይ። እናታችሁን ደግሞ ከሁሉም በፊት በአካል ጠይቂያቸው፤ ግሩፑ ውስጥ የሉም፣ ጉዳዩ ግን የሳቸው ነው። ጥያቄሽ «መቼ ይመቻል?» አይሁን። «በሚመጡት ሦስት ሳምንታት በምንም ተአምር የማይሆንልህ ቀንና ሰዓት የትኛው ነው?» በይ። ሰው የማይችልበትን በደንብ ያውቃል። ሥራ፣ ሕክምና፣ ጉዞ፣ ትምህርት፤ ወዲያው ይነግርሻል። በስልክ ሲሆን ደግሞ የሚሰማው ሌላ ሰው ስለሌለ ይሉኝታው ይቀንሳል። እህትሽ ግሩፕ ላይ «ማታ ማታ አልችልም» ብላ ላትጽፍ ትችላለች፤ ባለቤቷም ልጆቿም ያነቡታል። ለአንቺ ግን ትነግርሻለች።

ይህ ስልክ ሌላም ጥቅም አለው። ታላቅ ወንድምሽ ግሩፑ ላይ ቀድሞ «እሁድ ጠዋት ይሁን» ብሎ ቢጽፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «እሺ» ነው። ማንም ታናሽ እሱን ተቃርኖ አይጽፍም። የማይችለውም እሺ ይላል፤ በቀኑ ግን አይመጣም። ስለዚህ የሱን ችግር ቀድመሽ በጆሮሽ ስሚ። አማራጮቹ ከወጡ በኋላም «እባክህ አንተ መጨረሻ ላይ ምረጥ፣ አለበለዚያ ሁሉም አንተን ይከተላል» ብትይው የሚከፋው አይመስለኝም። ክብሩን የሚነካ ነገር የለውም።

እንግዲህ ደውለሽ ይህን ሰማሽ እንበል። ታላቅ ወንድምሽ ቅዳሜ እስከ 11 ሰዓት ሥራ ነው። እህትሽ እሁድ ጠዋት አትችልም፤ በአዘቦት ቀንም ሆነ ቅዳሜና እሁድ ከ12 ሰዓት በኋላ ከልጆቿ አትለይም። እናታችሁ ሲመሽ ይደክማቸዋል። ውጭ ያለው ወንድምሽ ከእናንተ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በአዘቦት ደግሞ እናንተ ከሥራ ስትወጡ እሱ ሥራ ላይ ነው።

አሁን ሰርዢ። የአዘቦት ቀናት በሙሉ በሱ ሥራ ምክንያት ወጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በታላቅ ወንድምሽ ምክንያት ወጣ። ቅዳሜ ማታ በእናታችሁና በእህትሽ ምክንያት ወጣ። ቅዳሜም ሆነ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ብትሉ ውጭ ያለው ወንድምሽ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ያውም እሁድን እህትሽም አትችልም። የቀረው አንድ ነው፤ እሁድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ከዚያ ውስጥ 10 ሰዓትን ብትወስጂ እሱ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል። ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይቀመጣል። እናንተም ከ12 በፊት ሁለት ሰዓት አላችሁ።

ያ ሁሉ የግሩፕ ወሬ ያልፈታውን ሦስት ስልክና አንድ ጉብኝት ፈታው ማለት ነው። ሰዓቱ ተቆርጧል፤ የቀረው የትኛው እሁድ የሚለው ብቻ ነው። ለ14 ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ይህን ያህል መጥበብ አለበት።

እዚህ ጋ ስለ ሰዓት አጻጻፍ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው በዚህ ነው። ውጭ ያለው ወንድምሽ «9 ሰዓት ላይ እችላለሁ» ብሎ ቢጽፍ ግማሹ ቤተሰብ የሚያነበው ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ነው። እሱ ግን የጻፈው ስልኩ ላይ የሚያየውን 9:00 ነው፤ የሱ ጠዋት። በእናንተ ደግሞ 10 ሰዓት ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሁሉም 9 ሰዓት ላይ ተሰብስቦ ስክሪን ሲያይ ይቆያል፤ እሱም ልክ በሰዓቱ ይገባና «ምነው ቀደማችሁ?» ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፊ፤ «እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አንተ ጋ ጠዋት 9:00»። ቀኑንም እንደዚሁ፤ እሱ የሚጠቀምበት የቀን ቁጥር ከእናንተ ይለያልና በራሱ አቆጣጠር ጻፊለት። በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚቀያየርበት አገር የሚኖር ከሆነ ደግሞ በሚመጡት ሦስት ሳምንታት መሐል ለውጡ እንዳለ ጠይቂው። ካለ 7 የነበረው ልዩነት 8 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የናንተ 10 ሰዓት እሱ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውላል።

አሁን ወደ ግሩፑ ተመለሺ። ሦስት እሁድ ብቻ አቅርቢ፤ 9፣ 16 እና 23። ከዚያ አታብዢ። ሰባት አማራጭ ሲቀርብ ድምፁ ይበተናል፤ ሰውም አንብቦ ሳይጨርስ ይተወዋል። «የሚመጣው እሁድ» እያልሽም አትጻፊ። ሐሙስ ያነበበውና ሰኞ ያነበበው የተለያየ እሁድ ነው የሚገባቸው።

ፖሉን ስትሠሪ ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ፣ ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ማን ምን እንደመረጠ ስሙ ይታይ። ቴሌግራም ላይ ሳትነኪው ከተውሽው የመራጩ ስም ይደበቃል፤ ቁጥር ብቻ ታያለሽ፤ ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ያንን አጥፊው። ዋትስአፕ ላይ ስም ይታያል። ስም ማየቱ ለወሬ አይደለም። 8 ድምፅ ውስጥ እህትሽ አለች ወይ የሚለውን ሳታውቂ 8 ቁጥር ምንም አይጠቅምሽም።

አብሮት የሚሄደው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እማዬ ለመነጋገር እሁድ እኛ ጋ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ ውጭ ላለው ወንድማችን ጠዋት ከ9:00 እስከ 11:00፣ ሁሉንም የሚያስማማ ሆኖ ተገኝቷል። የቀረው የትኛው እሁድ ይሁን የሚለው ነው። መምጣት የምትችሉበትን ቀን ሁሉ ምረጡ፤ አንድ ብቻ አይደለም። የሚዘጋው ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ነው። እስከዚያ ያልመረጠ ሰው ሦስቱም ቀን ይመቸዋል ብዬ እይዘዋለሁ። ረቡዕ ማታ ቀኑን አሳውቃለሁ።»

ይህችን መልእክት ሰኞ ማታ ላኪያት፤ ሰው ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው። ፒን አድርጊያት፤ አለበለዚያ በአንድ ልደት ምኞትና በ20 ስቲከር ስር ትቀበራለች። ሁለት ቀን በቂ ነው። ሳምንት ከሰጠሻቸው የመጀመሪያው ቀን ያልመረጠ ሰው እስከ መጨረሻው ይረሳዋል፤ ቀድሞ የመረጠው ደግሞ እስከዚያ ፕሮግራሙ ይቀየርበታል።

ከመልእክቱ ውስጥ ዋናዋ ዓረፍተ ነገር ስለ ዝምታ የምትለው ናት። ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ካልተነገረ እያንዳንዱ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። ዝም ያለው «አልተስማማሁም ነበር» ይላል፤ ሌላው «ዝም ስትል እሺ ያልክ መስሎኝ» ይላል። ቀድመሽ ከተናገርሽ ጸብ የለም። አውራ ጣት ምልክትንም እንደ መልስ አትቁጠሪ። አንዱ «እመጣለሁ» ለማለት ይልከዋል፣ ሌላው «አየሁት» ለማለት። መልስ ማለት ፖሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ይህ የዝምታ ደንብ ግን የግድ ለሚያስፈልጉት ሰዎች አይሠራም። ከነሱ አንዱ ረቡዕ ከሰዓት ድረስ ካልመረጠ ደውይ። ምናልባት ግሩፑን ሚዩት አድርጎት ይሆናል፤ ያን ሁሉ መልእክት በቀን የሚቀበል ሰው ቢያደርገው አይፈረድበትም።

ረቡዕ ማታ እንዲህ ሆኖ አገኘሽው እንበል። 11 ሰው መርጧል። እሁድ 9 ላይ 6 ሰው ይችላል። እሁድ 16 ላይ 8። እሁድ 23 ላይ 9። ዓይንሽ ወደ 23 ይሄዳል። ስሞቹን ስታዪ ግን ውጭ ያለው ወንድምሽ 23ን አልመረጠም፤ ያን እሁድ ሥራ ገብቶበታል። 16 ላይ ግን እሱም፣ ታላቅ ወንድምሽም፣ እህትሽም አሉ። እንግዲህ የሚያዘው 16 ነው። አንድ ድምፅ ቢያንስም ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ሁሉ ያሉበት ቀን እሱ ነው። አንድ ሰው «23 እኮ ነው ያሸነፈው» ሊልሽ ይችላል። በአጭሩ መልሺ፤ «23 ላይ ከወንድሞቻችን አንዱ ስለማይኖር 16ን ይዘናል።» ከዚያ በላይ አትከራከሪ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጋራ ቀን ላይኖር ይችላል። የግድ የሚያስፈልጉት ሰዎች በሦስቱም እሁድ ባይገጥሙ አራተኛና አምስተኛ አማራጭ መፈለግ ብዙ ጊዜ ውሃ ወቀጣ ነው። ያን ጊዜ ስብሰባውን አሳጥሪው። ሁለት ሰዓት የማይገጥም 40 ደቂቃ ሊገጥም ይችላል። ወይም የማይችለው ሰው ሐሳቡን ቀድሞ ለአንድ ወንድሙ ይንገርና ያ ሰው ወክሎት ይናገር። በናንተ ጉዳይ ውክልናው ለወንድሞችሽ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ለእህትሽ ግን አይሠራም። እናታችሁን አስጠግታ የምትኖረው እሷ ከሆነች ራሷ መናገር አለባት።

ቀኑ ሲቆረጥ አንድ አዲስ መልእክት ጻፊ። ከፖሉ ስር አስተያየት አድርገሽ አይሁን፤ ለብቻው ይሁን። «ስብሰባው እሁድ 16 ነው። እኛ ጋ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ ውጭ ላለው ወንድማችን ጠዋት ከ9:00 እስከ 11:00። ቦታው ታላቅ ወንድማችን ቤት። የቪዲዮው ሊንክ ይኸው። ጉዳዩ አንድ ነው፤ እማዬ ከማን ጋር ትሁን።» የድሮውን ፖል ፒን አውርጂና ይህን ፒን አድርጊ። ሁለቱም ፒን ላይ ካሉ አንድ ሰው ገብቶ መምረጡን ይቀጥላል። የማለቂያ ሰዓቱን መጻፍ አትርሺ። መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ የቤተሰብ ስብሰባ ሰው ያስፈራል። እህትሽም 12 ላይ ወደ ልጆቿ እንደምትሄድ ካወቀች ተረጋግታ ትቀመጣለች።

ቅዳሜ ማታ ማስታወሻ ላኪ። አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «ነገ እንገናኝ አይደል?» ወይም «ነገ ይመቻችኋል?» ካልሽ ጉዳዩን እንደገና ከፈትሽው። አንዱ «ለሚቀጥለው ብናደርገውስ?» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስት ሰው ይደግፈዋል፤ አለቀ። «ነገ 10 ሰዓት ላይ እንጀምራለን» ብቻ በይ። ለውጭው ወንድምሽ ለብቻው ላኪለት፤ በሱ ሰዓት።

መጨረሻ ሰዓት ላይ «እኔ አልመጣም» የሚል ሰው ከመጣስ? የግድ ከሚያስፈልጉት አንዱ ከሆነ ስብሰባው ይዛወር፤ ሁለተኛ ሆኖ የወጣውን ቀን ይዘሽ ለቀሩት ሦስት ሰዎች ደውይ። ሌላ ሰው ከሆነ «እናዝናለን፣ የተወሰነውን እነግርሃለሁ» በይና ቀጥዪ። ለአንዱ ካዛወርሽ ቀጣዩ ቀን ላይ ሌላ ሁለት ሰው ይመጣብሻል። ታናሽ ስለሆንሽ ይህን ማለት ሊከብድሽ እንደሚችል ይገባኛል። ከብዶሽ ከሆነ ገና ስትደውይ ታላቅ ወንድምሽን «ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ እንዳይነካ አንተ አግዘኝ» በይው። ከሱ አፍ ሲወጣ ይሰማሉ።

እሁድ 16 ላይ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት 10 ደቂቃ አስቀሪ። የእናታችሁ ጉዳይ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ከአንድ ወር በኋላ እንዴት እንደሆኑ ማየት ይኖርባችኋል። ሁሉም አጠገብሽ ወይም ስክሪኑ ላይ ሳሉ ስልካቸውን አውጥተው ቀጣዩን ቀን ይያዙ። «ቤት ሄጄ ልይ» የሚል ካለ ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስከ ማክሰኞ ማታ ካልደወለ የጸና ይሁን።